«አሪፍ ጉዞ አውጣልን» ሲባል ቦታ ከመጥራት በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለቤተሰብና ለጓደኛ ቡድን ጉዞ ሳዘጋጅ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በአንድ መስመር ነው የሚመጣው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የላከችልኝን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ጋሼ፣ ዘመዶቻችን ከአሜሪካ እየመጡ ነው። አርባ ምንጭ የሚሆን አሪፍ ጉዞ አውጣልን። 12/5 አካባቢ።» ስንት ሰው እንደሆኑ የለም። ስንት ቀን እንዳላቸው የለም። ገንዘቡም፣ መሯሯጥ ይፈልጉ ወይም ማረፍ ይፈልጉ የሚለውም የለም። ቀኑ ያለ ይመስላል፣ እሱም የለም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። እንዲህ ያለ መልእክት የሚደርሳቸው ሰዎች የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ምሳሌዬ ከላይ እስከ ታች ይኸው የአርባ ምንጭ ጉዞ ነው።

ቦታው ታውቋል፣ አርባ ምንጭ ነው። ታዲያ ለምን ወዲያው ሐሳብ አልሰጥም?

የተናገራችሁት ነገር እናንተ ጋ ስለማይቀር ነው። «ኮንሶንም ጨምሩበት፣ በጣም ያምራል» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ጠያቂዋ ለአክስቷ ትነግራለች፣ አክስቷ ሜሪላንድ ላለው ልጇ ትደውላለች፣ እሱ ለልጆቹ ያወራል። በማግሥቱ ኮንሶ ቃል የተገባ ነገር ሆኗል። ከዚያ በኋላ አያቲቱ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ብትሰሙና ኮንሶን ልታወጡት ብትሉ፣ የነበረ ነገር እንደነጠቃችሁ ነው የሚቆጠረው። በዚህ ነገር አንድ ቤተሰብ ተቀይሞኝ ያውቃል። ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ስለዚህ አራቱ ነገሮች፣ ማለትም ሰዎቹ፣ ቀኑ፣ ገንዘቡና የጉዞው ፍጥነት፣ እስኪታወቁ ድረስ የቦታ ስም አልጠራም። ጠያቂው ራሱ ቦታ ቢጠራም እንኳ «እሺ፣ አርባ ምንጭን ይዣለሁ፤ ከመንቀሳቀሴ በፊት ግን ጥቂት ነገር ልጠይቅ» እላለሁ።

ከአራቱ የትኛውን ላስቀድም? ገንዘቡን?

አይደለም። ሰዎቹን። ብዙዎች በገንዘብ ይጀምራሉ፣ እኔም ድሮ እንደዚያው ነበርኩ። ግን ገንዘቡ በቂ ነው አይደለም የሚባለው ማን እንደሚሄድ ሲታወቅ ነው። ለአራት ወጣት የሚተርፍ ብር፣ አንድ አዛውንትና አንድ ሕፃን ሲጨመሩ አይበቃም፤ አውሮፕላን ይመጣል፣ ሰፋ ያለ መኪና ይመጣል፣ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ይመጣል። ቀኑም ቢሆን ከሰዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። የፍጥነቱ ነገር ደግሞ ጨርሶ ከሰዎቹ የሚወጣ ነው።

«ስንት ናችሁ?» ብዬ ከጠየቅኩ አይበቃም?

«ሰባት ነን» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ሰባት ማለት ምንም ማለት አይደለም። የባልደረባዬን ዘመዶች አንድ በአንድ ዘርዝሪልኝ ስላት እንዲህ ሆኑ፦ የ74 ዓመት አያት፣ ልጃቸውና ሚስቱ፣ የ12፣ የ9 እና የ3 ዓመት ልጆች፣ ሰባተኛዋ ራሷ። አያቲቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ሌሎቹ አምስቱ ናቸው ከአሜሪካ የሚመጡት።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ዕድሜው ብቻ ብዙ ነገር ይወስናል። የ3 ዓመት ልጅ ካለ የልጅ መቀመጫ ያስፈልጋል። አሜሪካ የለመደች እናት ያለ እሱ ልጇን መኪና ውስጥ አታስገባም፣ እዚህ ደግሞ የኪራይ መኪና ይዞት አይመጣም። ስለዚህ «ይዛችሁ ትመጣላችሁ ወይስ እዚህ ይፈለግ?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ሰባት ሰው ከነሻንጣው ላንድክሩዘር ውስጥ ተጨናንቆ ስለሚገባ ወሬው ወደ ሃይሩፍ ይሄዳል። ያ ደግሞ በቀን የሚከፈለውን ኪራይና የነዳጁን ወጪ ይቀይረዋል።

ቀጥሎ ስለ ጤና ነው፣ በቀጥታ ግን አይጠየቅም። «የታመመ አለ?» ብትሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው» ይባላል። ጉልበት ግን በሽታ አይደለም ብለው ስለሚያስቡ አይናገሩትም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «እማማ ደረጃ ላይ እንዴት ናቸው? ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መቋሚያ ይይዛሉ ወይስ ሰው ይደግፋቸዋል?» ባልደረባዬ ይህን ስትሰማ ነው «ውይ፣ ኧረ ከታክሲ መውረድ ራሱ ይከብዳቸዋል» ያለችው። ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ለመውጣት እግርን ከፍ አድርጎ መራመድ ይጠይቃል፣ ጀልባውም ይወዛወዛል። በአንዲት ጥያቄ የጉዞው ግማሽ መልክ ተቀየረ።

ሌላው የወባ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ሰው ይረሳዋል፤ አርባ ምንጭ ግን ቆላ ናት፣ ወባ አለባት። ከውጭ የሚመጣ ሰው መከላከያውን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ የሚወስደው ከመነሳቱ በፊት ነው፤ አንዳንዱ መድኃኒት ከጉዞው ሳምንታት ቀድሞ ይጀመራል። በተለይ ትንንሽ ልጆችና ነፍሰ ጡር ካሉ ይህ ለመጨረሻ ሰዓት የሚተው አይደለም። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ብንነግራቸው ረፍዷል።

ቀኑን ነግረውኛል፣ 12/5 ይላል። ሌላ ምን ይቀራል?

ሁሉም ነገር ይቀራል። 12/5 ሦስት ቀን ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ጥር 12 ብሎ ያነበዋል። ይህ በፈረንጆች ጃንዋሪ 20 ነው። አውሮፓ የኖረ ሰው ሜይ 12 ይለዋል፣ ማለትም ግንቦት 4። አሜሪካ የኖረው ደግሞ ወሩን ስለሚያስቀድም ዲሴምበር 5 ይሆንበታል፣ ማለትም ኅዳር 26።

ልዩነቱ የጽሑፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥር 12 የጥምቀት ማግሥት ነው፣ ቃና ዘገሊላ። አገር ሁሉ መንገድ ላይ ነው፣ ትኬትና አልጋ ቀድሞ ያልያዘ ይቸገራል። ግንቦት 4 ደግሞ ደቡብ ዝናብ ላይ ነው። እዚህ ላይ የመሀል አገር ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የእኛ ክረምት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ ግንቦት በጋ ይመስለናል። አርባ ምንጭና ከዚያ በታች ያለው አገር ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ዋናው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይከብዳል፣ ሁለተኛው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይመጣል። ኅዳር 26 ከተባለ ግን ሁለተኛው ዝናብ እያበቃ ነው፣ ለጉዞ ይመቻል። በዚያው ላይ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ነው የሚጾመው። አያቲቱ ይጾማሉ ማለት ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ ዓሣ የሚበላበት ከተማ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ። «እማማ ዓሣ ይበላሉ?» ብሎ መጠየቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሁሉም ጥብስ ዓሣ ይዞ እሳቸው ሽሮ ሲጠብቁ መቀመጥ ለማንም ደስ አይልም።

ባልደረባዬ እኔ እንዳነበብኩት ጥር 12 ነበር የመሰላት። ሜሪላንድ ላለው የአክስቷ ልጅ ስትደውል ዲሴምበር 5 ማለቱ እንደሆነ ተናገረ። የመጡበትም ምክንያት ያን ጊዜ ወጣ፤ የአያቲቱ ባል ሙት ዓመት ነው፣ ኅዳር 23 ይዘከራል። ከዚያ በኋላ ነው ጉዞው። መመለሻ ትኬታቸው ታኅሣሥ 2 ነው።

ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል አስጽፉ፣ በሁለቱም አቆጣጠር። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግሥት ባለው ዓመት ቀኖቹ እስከ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ድረስ በአንድ ይገፋሉ። ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን ስለነበረች፣ በ2016 ጥር 12 የዋለው ጃንዋሪ 21 ነበር። የስልክ መቀየሪያ ይህን ያውቀዋል፣ በቃል የምናሰላ ሰዎች ነን የምንስተው።

ቀኑ ላይ ሌላ የሚጣራ አለ?

አዎ፣ ሰዓቱ። የአውሮፕላን ትኬት ላይ 07:00 ከተጻፈ የእኛ አንድ ሰዓት ጧት ነው። ሰባት ሰዓት ነው ብለው ምሳ በልተው አውሮፕላን ማረፊያ የደረሱ እናት አውቃለሁ። ስጽፍ ሁልጊዜ «ጧት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚለውን አብሬ ነው የምጽፈው።

ደግሞ ያላቸው ቀንና ነፃ የሆነው ቀን አንድ አይደለም። እነዚህ ሰዎች አገር ቤት የሚቆዩት 14 ቀን ነበር። ከሙት ዓመቱ በፊት ያለው ዝግጅት ነው፣ ድንኳን፣ እህል፣ እንግዳ። ከኋላው ሁለት ቀን የዘመድ ጥየቃና ሻንጣ ማሰር ይወስዳል። ለጉዞ የቀረው ከኅዳር 26 እስከ 30 ነው፣ አራት ሌሊት። «ሁለት ሳምንት አለን» ሲባል ወዲያው ጂንካ ድረስ የሚዘረጋ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል።

ገንዘብ መጠየቅ ይከብደኛል። እንዴት ላንሳው?

ይከብዳል፣ እውነት ነው። በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን። «ስንት አላችሁ?» ማለት ኪስ መፈተሽ ይመስለናል። የሚጠየቀውም ሰው «የገንዘቡን ነገር ተወው፣ ዋናው ደስ እንዲላቸው ነው» ይላል። ይህን መልስ እንደ ፈቃድ የወሰደ ሰው መጨረሻ ላይ ሒሳቡን ሲያቀርብ ፊት ይለወጥበታል።

እኔ ቁጥር አልጠይቅም። በመጀመሪያ የምጠይቀው ማን እንደሚከፍል ነው፣ እሱም በለስላሳ አነጋገር፦ «ከማን ጋር ብነጋገር ይሻላል? የመጨረሻውን የሚወስነው ማነው?» ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ጉዞ አውጣልን ያለችኝ ባልደረባዬ ከፋይ አልነበረችም። ከፋዩ ሜሪላንድ ያለው ልጅ ነው። እሷ ዘመዶቿ እንዳይከፋቸው ስለፈለገች ያሰበችው ሰፊ ነበር። እሱ ግን የሙት ዓመቱንም ወጪ የሚችለው እሱ ስለሆነ እጁ አጥሯል።

ከዚያ ሁለት ሥዕል አስቀምጣለሁ። «አንደኛው፣ ሁላችሁም በአውሮፕላን ሄዳችሁ እዚያ መኪና ይጠብቃችኋል። ሁለተኛው፣ ከዚህ መኪና ይዛችሁ ትወርዳላችሁ፣ አልጋው ንጹሕ ግን ቀለል ያለ ይሆናል። ለየትኛው ትቀርባላችሁ?» ሰው ቁጥር መናገር ያፍራል እንጂ መምረጥ አያፍርም። ከመረጠ በኋላ ቁጥሩን ራሱ ያመጣዋል። የአክስቷ ልጅ «ወደ ሁለተኛው ነው፣ 2,000 ዶላር አስቤ ነበር» አለኝ፣ እኔ ሳልጠይቀው።

ቁጥሩ ከመጣ በኋላ ግን መፍራት የለም፣ ሦስት ነገር ይጣራል። ለሁሉም ነው ወይስ ለአንድ ሰው? ምን ምን በውስጡ አለ? በየትኛው ገንዘብ ነው የታሰበው? የእሱ 2,000 ለመኪና፣ ለነዳጅ፣ ለሾፌር አበልና ለአልጋ ነበር። ምግብ ለብቻው ነው፣ የፓርክ መግቢያና ጀልባ የሚባለውን ጨርሶ አላሰበውም። ስለ ገንዘቡ ዓይነት የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት የሄደ ዘመድ «ይህን ያህል ብር በቃን» ያለው ነገር ለምንም አይሆንም። በብር የተነገረ በጀት ካለ፣ መቼ የሰሙት ዋጋ እንደሆነ ጠይቁ።

የፓስፖርቱንም ነገር አንሱ። ፓርክ መግቢያ ለአገር ዜጋና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል፣ ሆቴልም ለውጭ ፓስፖርት በዶላር የሚጠይቅ አለ። ቢጫ ካርድ ያለው ካለ፣ እንደ ዜጋ ያስከፍሉት እንደሆነ ለየቦታው ቀድሞ መደወል ነው። ከውጭ የመጡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ደግሞ የአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ ሊያገኙ ስለሚችሉ፣ ትኬት ከመግዛታቸው በፊት ቁጥሩን ይዘው ይጠይቁ።

ረጋ ያለ ይፈልጉ ወይስ ብዙ ማየት እንዴት አውቃለሁ? ሲጠየቁ «መካከለኛ» ነው የሚሉት።

ሁሉም ሰው «መካከለኛ» ነው የሚለው። ጥያቄው ነው መቀየር ያለበት። እኔ የምጠይቀው እነዚህን ነው፦ እቤታችሁ ጧት ከስንት ሰዓት በፊት ሰው አይነሳም? ከምሳ በኋላ የሚተኛ አለ? ስንት ሌሊት አንድ አልጋ ላይ ማደር ትፈልጋላችሁ? ባለፈው ስትሄዱ ምኑ ነው ያደከማችሁ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ሰው የሚወደውን ሲጠየቅ ያማርጣል፣ ያደከመውን ሲጠየቅ ግን እውነቱን ይናገራል። የልጆቹ እናት «ባለፈው ሰሜን ስንሄድ በየቀኑ ሻንጣ ማሰርና መፍታት ነበር። ልጆቹ የሚያስታውሱት መኪናውን ብቻ ነው» አለች። በቃ። ይህ ቤተሰብ አንድ ቦታ ማረፍ ነው የሚፈልገው። እሷ ይህን «ረጋ ያለ ጉዞ» ብላ አልጠራችውም፣ ብጠይቃትም አትጠራውም ነበር።

መንገዱን በሰዓት እንጂ በኪሎ ሜትር አትቁጠሩት። አዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል ከ430 እስከ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታ ላይ ስታዩት አጭር ይመስላል። ምሳ፣ ሻይ፣ የልጅ ሽንት፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት ሲደመር ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ይሄዳል። ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨልማል። በጨለማ መንዳት የለበትም ብዬ ነው የማምነው፤ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከብትና እግረኛ መንገዱ ላይ ነው። ስለዚህ ጧት ማልዶ የማይነሳ ቤተሰብ ይህን መንገድ በአንድ ቀን አይችለውም፣ ሆሳዕና ወይም ሶዶ ማደር አለበት። ያኔ ከአራቱ ሌሊት አንዱ መሄጃ ላይ፣ አንዱ መመለሻ ላይ አለቀ።

አንድ የሚያግዝ ነገር አለ። ከዋሽንግተን አካባቢ የመጣ ሰው በኅዳር ወር ስምንት ሰዓት ይለያየዋል። የመጀመሪያ ቀናት እንቅልፉ ተዛብቶ ልጆች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃሉ። ገና በገቡ በሁለተኛው ቀን ረጅም መንገድ ማውጣት ግፍ ነው። ከሳምንት በኋላ ሲሆን ግን ሰውነት ለምዷል።

ይህን ሁሉ ብጠይቅ ሰው አይሰለችም?

በአንድ ጊዜ ከጻፋችሁት ይሰለቻል። አሥራ አምስት ጥያቄ የተላከለት ሰው አንዱን መልሶ ሌላውን ይተወዋል። እኔ በመጀመሪያው መልእክት አራት ብቻ ነው የምልከው፦ «ማን ማን ናችሁ፣ ከነዕድሜያችሁ? ነፃ የሆናችሁት ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው፣ የወሩን ስም በፊደል? ወጪውን ከማን ጋር ልነጋገር? ባለፈው ጉዞ ምን አደከማችሁ?» የቀረውን በስልክ እጨርሰዋለሁ። ትልቅ ሰው ካለ ደግሞ ለራሳቸው እደውላለሁ። ልጆች ለአያታቸው ሲናገሩ «እሷ ሁሉም ይስማማታል» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው ስልክ ላይ ሲመጡ ሌላ ነገር ይወጣል። እኚህ እናት ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ያሉኝ «ልጄ፣ እኔ አዞ አላይም። ጋቢ የሚሠሩበትን ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል» ነው።

ጠይቄ ካልመለሱልኝስ?

ሁለት ጊዜ ጠይቁ። ከዚያ ገምታችሁ ሥሩ፣ ግምታችሁን ግን ከላይ ጻፉት። «ሰባት ሰው፣ ኅዳር 26 ጧት ተነስቶ ኅዳር 30 የሚመለስ፣ ምግብ ሳይጨምር ብዬ ነው ያሰላሁት። አንዱ ከተለወጠ ሁሉም ይለወጣል።» ሰው ባዶ ጥያቄ ለመመለስ ይሰንፋል፣ የተሳሳተ ነገር ለማረም ግን ፈጣን ነው። ክፍያ ግን በግምት አትክፈሉ። ቀብድ የሚከፈለው ቀኑና የሰዎቹ ስም በጽሑፍ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ስሙ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መሆን አለበት፤ ቤት ውስጥ የሚጠሩበት ስም ትኬት ላይ ገብቶ የተጉላላ ሰው አይቻለሁ።

ሳይጠይቁ ሐሳብ መስጠት የሚቻልበት ጊዜ የለም?

አለ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዚያው ቀን የሚመለስ ሲሆን። ለቅዳሜ ቢሾፍቱ ወይም ወንጪ ብትሉ ቢበዛ አንድ ቀን ነው የሚባክነው። አልጋና አውሮፕላን ከገባበት ግን መጠየቅ ነው።

የአርባ ምንጩ ጉዞ በመጨረሻ እንዴት ሆነ?

አራቱ ነገሮች ሲታወቁ ጉዞው ራሱን ሠራ ማለት ይቻላል። ሰባቱንም በአውሮፕላን ማድረስ ከ2,000 ዶላሩ ጋር አልሄደም። ሰባቱንም በመኪና ማውረድ ከአያቲቱ ጉልበትና ከትንሿ ልጅ ጋር አልሄደም። ሃይሩፉ ግን እዚያም ለመንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከፈልናቸው። አያቲቱ፣ የልጆቹ እናትና የ3 ዓመቷ ልጅ በአውሮፕላን ሄዱ፣ አንድ ሰዓት ያህል ነው። አባትየው፣ ሁለቱ ልጆችና ባልደረባዬ ከነሻንጣው በሃይሩፉ ጧት 12 ሰዓት ተነስተው ከመጨለሙ በፊት ገቡ። አልጋው አራቱንም ሌሊት አንድ ሆቴል ነው። ሆቴሉ ምድር ቤት ላይ ሁለት ክፍል እንዳለው በስልክ አረጋግጠን ነው የያዝነው፤ «ሊፍት አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ መብራት ይጠፋል።

በማግሥቱ ጧት አባትየውና ትልልቆቹ ልጆች ጫሞ ላይ ጀልባ ወጡ። የአዞ ገበያ የሚባለውን ዳርቻና ጉማሬ አዩ። አያቲቱ አልሄዱም። በረንዳው ላይ ሆነው በዓባያና በጫሞ መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ ቡና እየጠጡ ሲያዩ ዋሉ።

ሦስተኛው ቀን ዶርዜ ነበር፣ የእሳቸው ቀን። ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያዞረውን የ9 ዓመት ልጅ ጋቢና አስቀመጥነው። ላይ ሲደርሱ ይበርዳል፤ አርባ ምንጭ የሞቀው ሰው ሹራብ ይረሳል፣ ቀድመን ነግረናቸው ነበር። ቆጮ በማርና በዳጣ ቀረበ። ማሩን እንደየልማዱ ጾመኛው ይበላል ወይም ይተዋል፣ ቆጮው ግን ከእንሰት የሚሠራ ስለሆነ ለጾመኛም አያስቸግርም። አያቲቱ ሸማኔው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ። ሽሮ ሜዳ ከሚገዙበት ሸማኔ ጋር አገራቸው አንድ መሆኑን ሲሰሙ የቤተሰቡን ስም እየጠሩ ይጠይቁ ጀመር።

አራተኛው ቀን ባዶ ነበር። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። አባትየው መጀመሪያ ሲያየው «ይህን ቀን ኮንሶ ብንሄድበትስ?» ብሎ ነበር። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፣ ማየት የሚገባው አገር ነው፣ ከአርባ ምንጭም ደርሶ መልስ ይቻላል። ግን መንገዱ ቀኑን ይበላዋል፣ በማግሥቱ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ረጅሙ መንገድ አለ። የሚስቱን ቃል መልሼ ነገርኩት፣ ልጆቹ የሚያስታውሱት መኪናውን ብቻ ነው ያለችውን። ትንሽ ዝም አለና «ባዶ ይሁን» አለ።

የመንገዱን ሁኔታና የነዳጁን ነገር ያጣራነው ከመነሳታቸው በፊት ባለው ሳምንት ነው፣ ሾፌሩ ራሱ ከሶዶና ከአርባ ምንጭ ሾፌሮች ጋር ተደዋውሎ። ይህን ከወር በፊት ማጣራት ዋጋ የለውም።

ስንት አማራጭ ልላክላቸው?

ሁለት። አንደኛው እናንተ የምታምኑበት፣ ሁለተኛው በገንዘብ ወይም በቀን ከሱ የሚለይ። አምስት ከላካችሁ ቤተሰቡ ከየአቅጣጫው ቆርጦ አንድ የማይቻል ጉዞ ይሠራል፤ የአንዱን ሆቴል፣ የሌላውን ቀን፣ የሦስተኛውን ዋጋ። ለእነዚህ ሰዎች የላክሁት መልእክት የሚጀምረው እንዲህ ነበር፦ «እማማ አዞ አላይም ብለዋል፣ ጋቢ ማየት ይፈልጋሉ። ሻንጣ በየቀኑ አይታሰርም። አራት ሌሊት፣ አንድ አልጋ። በ2,000 ውስጥ ምግብና ጀልባ የለም። እዚህ ላይ ያልተስማማችሁበት ካለ ከሥር ያለውን ሳታነቡ ንገሩኝ።»

መልሱ ከሜሪላንድ በአሥር ደቂቃ መጣ። አንድ እርማት ብቻ ነበረው፣ የትንሿ ልጅ ዕድሜ ሦስት ሳይሆን ሁለት ዓመት ከአሥር ወር ነው። ትኬቱን ከመቁረጤ በፊት ነው የደረሰኝ። ከሁለት ዓመት በታች ብትሆን ኖሮ እናቷ እቅፍ ላይ ትሄድ ነበር፣ አሁን ግን የራሷ ወንበር ያስፈልጋታል። ወንበሩን ያዝኩላት።